ጎነ ብዙ ስንት ጎነ ሦስት ይወጣዋል?

ጎነ ብዙ ማለት በቀጥታ መስመሮች ብቻ የታጠረና በዙሪያው ክፍተት የሌለው ዝርግ ቅርፅ ነው። ሦስት መስመር ሲያጥረው ጎነ ሦስት፣ አራት ሲያጥረው ጎነ አራት እየተባለ ይቀጥላል። ሁለት ጎኖች የሚገናኙበት ቦታ ጥግ ሲሆን፣ በዚያ ጥግ ላይ በቅርፁ ውስጥ በኩል በሁለቱ ጎኖች መካከል ያለው ክፍተት ውስጣዊ ዘዌ ይባላል። የአንድ ጎነ ብዙ ጎኖች ሊረዝሙም ሊያጥሩም ይችላሉ፤ ዘዌዎቹም አንዱ ሲጠብ ሌላው ይሰፋል። ድምራቸው ግን ከጎኖቹ ብዛት በቀር ሌላ ነገር አያውቅም። አምስት ጎን ያለው ቅርፅ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ቀናም ተጣመመ፣ ውስጣዊ ዘዌዎቹ ሲደመሩ 540 ዲግሪ ይሆናሉ። ይህን ለማወቅ አንድም ዘዌ መለካት አያስፈልግም። ቅርፁን ወደ ጎነ ሦስቶች ቆርጦ፣ ስንት እንደወጡ መቁጠር ይበቃል።

የጎነ ሦስት ድምር

መቁረጡ የሚጠቅመው የጎነ ሦስት ድምር አስቀድሞ ስለሚታወቅ ነው፤ 180 ዲግሪ ነው። ይህን በወረቀት ማየት ይቻላል። ከወረቀት ላይ እንደመጣ ጎነ ሦስት ተቆርጦ ሦስቱ ጥጎቹ በእጅ ይቀደዱና፣ ሹል ጫፎቻቸው አንድ ነጥብ ላይ እንዲገናኙ ጎን ለጎን ይደረደራሉ። ያኔ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቁራጭ ጠርዞች አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሠራሉ። በቀጥታ መስመር አንድ ወገን ያለው ዘዌ ደግሞ 180 ዲግሪ ነው።

ወረቀቱ የሚያሳየው ግን ስለዚያ አንድ ጎነ ሦስት ብቻ ነው። ስለ ሁሉም ለመናገር ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ጎነ ሦስቱ ሀ፣ ለ እና ሐ የተባሉ ጥጎች አሉት፤ ሀ ከላይ፣ ለ እና ሐ ደግሞ ከታች ባለው ጎን ጫፎች ላይ ናቸው እንበል። በ ሀ በኩል የሚያልፍና ከታችኛው ጎን ጋር ትይዩ የሆነ መስመር ይሰመር። አሁን በ ሀ ላይ፣ ከዚህ መስመር በታች፣ ሦስት ዘዌዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የመሃከለኛው የጎነ ሦስቱ የራሱ የ ሀ ዘዌ ነው። በግራ ያለው ከ ለ ዘዌ ጋር እኩል ነው፤ ምክንያቱም አንድ መስመር ሁለት ትይዩ መስመሮችን ሲያቋርጥ በመካከላቸው፣ ከአቋራጩ ግራና ቀኝ፣ የሚፈጠሩት ዘዌዎች እኩል ይሆናሉ። በቀኝ ያለውም በዚሁ ምክንያት ከ ሐ ዘዌ ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ቀጥታውን መስመር ይሞሉታል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ በእስክንድርያ የነበረው ግሪካዊው የጂኦሜትሪ ሊቅ ኤውክሊድ ይህንኑ እውነት በታላቁ ሥራው የመጀመሪያ መጽሐፍ 32ኛ አንቀጽ ላይ አስፍሮታል። እሱ በዲግሪ አይናገርም፤ የጎነ ሦስት ውስጣዊ ዘዌዎች ከሁለት ቀጤ ዘዌዎች ጋር እኩል ናቸው ይላል። አንድ ቀጤ ዘዌ 90 ዲግሪ ስለሆነ ነገሩ አንድ ነው።

ከአንድ ጥግ መቁረጥ

ጎን ለጎን ያልሆኑ ሁለት ጥጎችን የሚያገናኝ ቀጥ ያለ መስመር ዲያጎናል ይባላል። በአንድ ጎነ አራት ውስጥ ከጥግ ወደ ፊት ለፊቱ ጥግ አንድ ዲያጎናል ሲሰመር ቅርፁ ለሁለት ጎነ ሦስቶች ይከፈላል። የሁለቱ ዘዌዎች ድምር ሁለት ጊዜ 180፣ ማለትም 360 ዲግሪ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት የሚገባ ነገር አለ። የጎነ ሦስቶቹ ዘዌዎች ድምር ከጎነ አራቱ ዘዌዎች ድምር ጋር እኩል የሆነው ለምንድን ነው? ዲያጎናሉ የነካቸው ሁለት ጥጎች ዘዌያቸው ለሁለት ተከፈለ፤ ቁራጮቹ ግን እዚያው ጥግ ላይ ስላሉ ሲደመሩ መልሰው ያንኑ ዘዌ ይሰጣሉ። ያልተነኩት ሁለት ጥጎች እንደነበሩ ናቸው። የጎነ ሦስቶቹ ስድስት ዘዌዎች ሁሉ የተቀመጡት በጎነ አራቱ ጥጎች ላይ ነው፤ የጠፋም የተጨመረም የለም። ዘዴው በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ጎነ አምስት ላይ ከአንድ ጥግ ሁለት ዲያጎናሎች ይወጡና ሦስት ጎነ ሦስቶች ይገኛሉ፤ 540 ዲግሪ። ጎነ ስድስት ላይ ሦስት ዲያጎናሎችና አራት ጎነ ሦስቶች፤ 720 ዲግሪ። የጎነ ሦስቶቹ ቁጥር ሁልጊዜ ከጎኖቹ ቁጥር በሁለት ያንሳል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ መስመሮቹ ሁሉ ከሚወጡበት ጥግ ጋር የሚገናኙት ጎኖች ሁለት ብቻ ናቸው። የቀሩት ጎኖች እያንዳንዳቸው የአንድ ጎነ ሦስት መሠረት ይሆናሉ፤ የጎነ ሦስቱ ሌላኛ ጫፍ ደግሞ ያ ጥግ ነው። ስለዚህ የጎነ ሦስቶቹ ብዛት ከጎኖቹ ብዛት ላይ ሁለት ተቀንሶ የሚገኝ ነው። የጎኖቹ ቁጥር n ቢባል፦

(n − 2) × 180°

ሰባት ጎን ያለው ቅርፅ አምስት ጎነ ሦስት ይወጣዋል፤ ድምሩ 900 ዲግሪ ነው። መቶ ጎን ያለውን መሳል ቢያስቸግርም ድምሩ 98 ጊዜ 180፣ ማለትም 17,640 ዲግሪ መሆኑ አያጠራጥርም።

ቁረጣው የሚሳሳትበት ቦታ

ብዙ ተማሪ የሚሰናከልበት ስህተት አለ። ጎነ አራት ላይ ሁለቱንም ዲያጎናሎች ማስመር ነው። ያኔ ሁለቱ መስመሮች መሃል ላይ ተሻግረው አራት ጎነ ሦስቶች ይፈጥራሉ፤ አራት ጊዜ 180 ደግሞ 720 ዲግሪ ነው። ትክክለኛው መልስ 360 ነበር። ስህተቱ ከየት እንደመጣ ለማየት የአራቱን ጎነ ሦስቶች ጥጎች መከተል ነው። አራቱም አንድ አንድ ጥግ መሃል ላይ፣ መስመሮቹ በተሻገሩበት ነጥብ፣ አላቸው። እነዚያ አራት ዘዌዎች የጎነ አራቱ አይደሉም፤ በነጥቡ ዙሪያ አንድ ሙሉ ዙር ሠርተው 360 ዲግሪ ይሞላሉ። ከ720 ላይ ሲቀነሱ የቀረው እውነተኛው ድምር ነው።

ስለዚህ የቁረጣው ሕግ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ እያንዳንዱ መስመር ከጥግ ተነስቶ ጥግ ላይ ይድረስ፤ መስመሮችም እርስ በርስ አይሻገሩ። ሕጉ ከተጠበቀ መስመሮቹ ሁሉ ከአንድ ጥግ መውጣት የለባቸውም። ጎነ ስድስት ላይ አንዱን ጥግ ዘሎ ቀጣዩን እያገናኙ ሦስት ዲያጎናሎች ቢሰመሩ፣ መሃል ላይ አንድ፣ በዙሪያው ሦስት ጎነ ሦስቶች ይወጣሉ። አቆራረጡ ተለወጠ፤ ቁጥሩ ግን ያው አራት ነው።

ስህተቱ ራሱ ደግሞ አውቆ ሲሠራበት ሌላ ዘዴ ይሆናል። በጎነ ስድስት መሃል አንድ ነጥብ ተመርጦ ከስድስቱም ጥጎች ጋር ቢገናኝ ስድስት ጎነ ሦስቶች ይገኛሉ፤ ድምራቸው 1,080 ዲግሪ ነው። በመሃል ነጥቡ ዙሪያ ያለው 360 የቅርፁ ስላልሆነ ይቀነሳል፤ 720 ይቀራል። ነጥቡ መሃል ሳይሆን በአንዱ ጎን ላይ ቢደረግ ደግሞ የሚወጡት ጎነ ሦስቶች አምስት ይሆናሉ፤ ነጥቡ ላይ የተረፈው ግማሽ ዙር፣ 180 ዲግሪ፣ ከ900 ላይ ሲቀነስ እንደገና 720 ነው። በሦስት መንገድ ተሂዶ አንድ ቦታ ተደረሰ።

የቤተ ጊዮርጊስ መስቀል

እስካሁን የታዩት ቅርፆች ጥጎቻቸው ሁሉ ወደ ውጭ የወጡ ናቸው። ጥጋቸው ወደ ውስጥ የገባ ቅርፆች ላይ ነገሩ ይጠልቃል። ላሊበላ የሚገኘው ቤተ ጊዮርጊስ ለዚህ የተመቸ ምሳሌ ነው። ከአንድ ወጥ ዐለት የተፈለፈለው ይህ ቤተ ክርስቲያን በጉድጓዱ አፋፍ ቆሞ ወደ ታች ለሚያየው ሰው ጣሪያው አራት እኩል ክንድ ያለው መስቀል ነው። የመስቀሉ የውጭ ዙሪያ ተከትሎ ቢቆጠር በየክንዱ ሦስት ጎን፣ በጠቅላላው አሥራ ሁለት ጎን አለው። ስለዚህ ጎነ አሥራ ሁለት ነው።

እዚህ ላይ ከአንድ ጥግ ሁሉንም መቁረጥ አይቻልም። ከሰሜኑ ክንድ የውጭ ጥግ ተነስቶ ወደ ምሥራቁ ክንድ የውጭ ጥግ የሚሰመር መስመር ከጣሪያው ወጥቶ በአየር ላይ ያልፋል፤ ከቅርፁ ውጭ የሆነ መስመር ደግሞ ቅርፁን አይቆርጥም። መስቀሉ ራሱ ግን አቆራረጡን ያሳያል። ክንዶቹ ከመሃሉ ጋር የሚገጥሙባቸው አራት የገቡ ጥጎች አሉ። እነዚህ በአራት መስመር ሲገናኙ መሃል ላይ አንድ አራት ማዕዘን፣ በየአቅጣጫው ደግሞ አንድ አንድ ክንድ ይለያል፤ በድምሩ አምስት አራት ማዕዘኖች። እያንዳንዱ በአንድ ዲያጎናል ለሁለት ሲከፈል አሥር ጎነ ሦስቶች ይሆናሉ። መስመሮቹ ሁሉ ከጥግ ወደ ጥግ ናቸው፤ የተሻገረም የለም። አሥር ደግሞ ከአሥራ ሁለት በሁለት ያነሰ ነው። ድምሩ 10 ጊዜ 180፣ ማለትም 1,800 ዲግሪ ይሆናል።

ይህን ዘዌዎቹን በመደመር ማመሳከር ይቻላል። የውጭዎቹ ስምንት ጥጎች እያንዳንዳቸው ቀጤ ናቸው፤ ስምንት ጊዜ 90፣ 720 ይሆናል። የገቡት አራት ጥጎችም ሲታዩ ቀጤ ይመስላሉ። ነገር ግን እዚያ ላይ 90 ዲግሪ የሆነው ከመስቀሉ ውጭ ያለው ክፍተት ነው፤ በመስቀሉ ውስጥ በኩል ያለው ዘዌ ከ360 ላይ 90 ተቀንሶ 270 ዲግሪ ነው። አራት ጊዜ 270 ደግሞ 1,080 ነው። 720 እና 1,080 ሲደመሩ 1,800 ሆኑ፤ ከቁረጣው ጋር ልክ ገጠመ።

ግማሽ ክብ የሆነው ተራው ፕሮትራክተር ከ180 ዲግሪ በላይ ስለማያነብ ይህ ጥግ ብዙዎችን ያሳስታል። በመስቀሉ ላይ አሥራ ሁለቱንም 90 ብሎ የደመረ ሰው 1,080 ያገኛል፤ ከትክክለኛው በ720 ያንሳል። እንዲህ ያለ ትልቅ ጉድለት ሲታይ የመለኪያ ስህተት ነው ብሎ ማለፍ ሳይሆን ወደ ውስጥ የገባ ጥግ መኖሩን መፈለግ ነው።

ሁሉም ቅርፅ ይቆረጣል ወይ?

ቤተ ጊዮርጊስ ቅርፁ ሥርዓት ያለው ስለሆነ መቁረጫው ወዲያው ታየ። እንደ መብረቅ የተጠማዘዘ፣ ገብቶ ወጥቶ ያለቀለት ባለ ሃምሳ ጎን ቅርፅ ቢመጣስ? ሁልጊዜ በውስጡ የሚያልፍ ቢያንስ አንድ ዲያጎናል እንደሚገኝ ማሳየት ይቻላል።

ከቅርፁ ጥጎች መካከል ከሁሉ በግራ ያለው ይመረጥ። ከእሱ ወዲያ ግራ ምንም ስለሌለ ይህ ጥግ በእርግጥ ወደ ውጭ የወጣ ነው። ግራና ቀኙ ያሉት ሁለት ጎረቤት ጥጎች በመስመር ይገናኙ። መስመሩ በቅርፁ ውስጥ ካለፈ የተፈለገው ተገኘ። ካላለፈ ግን የቅርፁ ሌላ ክፍል በመስመሩና በተመረጠው ጥግ መካከል ወዳለው ጎነ ሦስት ገብቷል ማለት ነው። ወደዚያ ከገቡት ጥጎች መካከል ከመስመሩ እጅግ የራቀው፣ ማለትም ወደ ተመረጠው ጥግ አልፎ የሄደው፣ ይወሰድና ከተመረጠው ጥግ ጋር ይገናኝ። በመካከላቸው የሚያግድ ጎን ሊኖር አይችልም፤ ቢኖር የዚያ ጎን አንዱ ጫፍ ከተወሰደው ጥግ የባሰ ርቆ በተገኘ ነበር።

አንድ ዲያጎናል ከተገኘ ቅርፁ ለሁለት ያነሱ ቅርፆች ይከፈላል፤ እነሱም በተራቸው ይከፈላሉ፤ ሁሉም ጎነ ሦስት እስኪሆን ይቀጥላል። ቁጥሩም አይዛባም። ባለ አሥራ ሁለት ጎኑ ባለ አምስትና ባለ ዘጠኝ ሆኖ ተከፈለ እንበል፤ ዲያጎናሉ ለሁለቱም ጎን ስለሆነ ድምራቸው አሥራ አራት ነው። ከአምስቱ ሦስት፣ ከዘጠኙ ሰባት ጎነ ሦስት ይወጣል፤ በድምሩ አሥር። በየትም ቢቆረጥ እዚሁ ይደረሳል።

የቀያሹ ማመሳከሪያ

የመሬት ቀያሾች ይህን ቁጥር በሥራቸው ላይ ስህተት ለማጥመድ ይጠቀሙበታል። አምስት ጥግ ያለው ቦታ ሲቀየስ ባለሙያው በየጥጉ ቴዎዶላይት ወይም ቶታል ስቴሽን ተክሎ በሁለቱ ጎረቤት ጥጎች መካከል ያለውን ዘዌ ያነባል። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ፣ አንድ ደቂቃ 60 ሴኮንድ ነው። ንባቡ ለምሳሌ እንዲህ ይሁን፦

ሀ 98° 12′ 20″
ለ 121° 45′ 40″
ሐ 87° 30′ 10″
መ 134° 08′ 50″
ሠ 98° 22′ 20″

ሲደመሩ 539° 59′ 20″ ይሆናሉ። ባለ አምስት ጎን ስለሆነ መሆን የነበረበት 540° ነው፤ 40 ሴኮንድ ጎድሏል። ይህ ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለውን ለመወሰን የተለመደ መመሪያ አለ፦ መሣሪያው የሚያነበው ትንሹ መጠን በጥጎቹ ቁጥር ስኩዌር ሩት ይባዛል። መሣሪያው እስከ 20 ሴኮንድ የሚያነብ ከሆነ 20 በ5 ስኩዌር ሩት ሲባዛ 45 ሴኮንድ ያህል ነው። 40 ከዚያ በታች ስለሆነ ሥራው ይቀበላል። ጉድለቱ ለአምስቱ እኩል ይከፋፈልና በእያንዳንዱ ዘዌ ላይ 8 ሴኮንድ ይጨመራል፤ ያኔ ድምሩ ልክ 540° ይገባል።

ጉድለቱ አንድ ሙሉ ዲግሪ ቢሆን ኖሮ ግን ማከፋፈል ስህተትን መደበቅ ይሆናል። ቁጥር ሲጻፍ ተሳስቷል ወይም መሣሪያው ጥጉ ላይ በትክክል አልተተከለም፤ ወደ ሜዳው ተመልሶ መለካት ይገባል። ማመሳከሪያው የማይዘው ስህተትም አለ። በአንዱ ጥግ የበዛው በሌላው ጥግ ያነሰውን ካካካሰው ድምሩ ትክክል መስሎ ያልፋል፤ የጎኖቹ ርዝመት ስህተትም በዘዌ ድምር ላይ አይታይም። ስለዚህ ቀያሾች የርዝመቶቹን ስሌት ለብቻው ይፈትሹታል።

ዘዌዎቹ እኩል ሲሆኑ

ጎኖቹም ዘዌዎቹም እኩል በሆኑ ጎነ ብዙ ላይ ድምሩን ለጥጎቹ ማካፈል እያንዳንዱን ዘዌ ይሰጣል። የጎነ አምስቱ 540 ለአምስት ሲካፈል 108 ዲግሪ፣ የጎነ ስድስቱ 720 ለስድስት ሲካፈል 120 ዲግሪ ነው። ሦስት 120ዎች 360 ስለሚሞሉ ባለ ስድስት ጎን ንጣፍ ወለል ላይ ክፍተት ሳይተው ይገጥማል፤ የንብ ሰፈፍም እንደዚያው ነው። 108 ግን 360ን እኩል አያካፍልም፤ በባለ አምስት ጎን ንጣፍ ብቻ ወለል መሸፈን አይቻልም።

ጥቁርና ነጭ ቆዳ ያለው የተለመደው የእግር ኳስ በዚህ ክፍተት ይጠቀማል። በየስፌቱ መገናኛ አንድ ባለ አምስት ጎን ጥቁር ቆዳና ሁለት ባለ ስድስት ጎን ነጭ ቆዳ ይገጥማሉ፤ 108፣ 120 እና 120 ሲደመሩ 348 ናቸው። ዝርግ ለመሆን 12 ዲግሪ ይጎድላል። ያንን ክፍተት ለመዝጋት ቆዳው መጉበጥ ግድ ይለዋል፤ ኳሱ የሚዞረው ከዚህ የተነሳ ነው።

ቀመሩ የማይሠራበት ቦታ

ቀመሩ ጎኖቹ እርስ በርስ እንዳይሻገሩ ይፈልጋል። በኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ዓርማ ላይ ያለው ኮከብ እርስ በርስ በሚሻገሩ አምስት መስመሮች የተሠራ ነው። አምስት መስመር ስላለው ብቻ 540 ነው ማለት ስህተት ነው፤ የአምስቱ ሹል ጫፎች እያንዳንዳቸው 36 ዲግሪ ሆነው ድምራቸው 180 ብቻ ነው። የኮከቡ የውጭ ዙሪያ ብቻ ከተወሰደ ግን አሥር ጥግ ያለው፣ ያልተሻገረ ጎነ ብዙ ነው፤ ቀመሩም 1,440 ይላል። አምስቱ ጫፎች 180፣ ወደ ውስጥ የገቡት አምስቱ ጥጎች ደግሞ እያንዳንዳቸው 252 ሆነው 1,260 ናቸው፤ ሲደመሩ 1,440 ሞሉ።

ሁለተኛው ግዴታ የሚሳልበት ገጽ ዝርግ መሆኑ ነው። በመሬት ሉል ላይ ከሰሜን ዋልታ ተነስተው በመካከላቸው 90 ዲግሪ ያላቸው ሁለት የኬንትሮስ መስመሮች ወደ ምድር ወገብ ቢወርዱ፣ ወገቡንም በቀጤ ዘዌ ያቋርጣሉ። የተፈጠረው ጎነ ሦስት ሦስት ቀጤ ዘዌ አለው፤ ድምሩ 270 ዲግሪ ነው። እዚያ ላይ ሁለቱ የኬንትሮስ መስመሮች ዋልታው ላይ ተገናኝተዋል፤ ዝርግ ገጽ ላይ አንድን መስመር በቀጤ የሚያቋርጡ ሁለት መስመሮች ግን ትይዩ ስለሆኑ ፈጽሞ አይገናኙም ነበር። ማረጋገጫው የቆመበት የትይዩ መስመሮች ባሕርይ ሉል ላይ አይገኝም።

ከ180 የሚተርፈው መጠን ከጎነ ሦስቱ ስፋት ጋር እየጨመረ ይሄዳል። በመሬት ላይ አንድ ሴኮንድ ለመትረፍ ወደ 197 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያስፈልጋል። ለአንድ የቤት ወይም የእርሻ ቦታ ትርፉ መሣሪያ ከሚያነበው እጅግ ያነሰ ስለሆነ ቀያሹ 540 ብሎ ቢያመሳክር ትክክል ነው፤ አገር የሚሸፍኑ ትልልቅ ጎነ ሦስቶች ሲለኩ ግን ትርፉ ተሰልቶ ይቀነሳል።